63 ከመቶ እንዴት 27 ከመቶ ሆነ?

በ1976 ዓ.ም. አካባቢ የወጣው የመንግሥት አኃዝ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ኢትዮጵያዊ 63 ከመቶ ደርሷል ይል ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደግሞ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 27 ከመቶ ብቻ ናቸው አለ። በመካከሉ ጦርነትም ረሃብም ነበር፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል። ያም ሆኖ ፊደል ከቆጠረው ሕዝብ ከግማሽ በላዩ በዐሥር ዓመት ውስጥ ንባብ ይጠፋበታል ብሎ የሚያምን የለም። ሁለቱም ቁጥሮች ብዙ ሰው ከደከመበት ሥራ የተገኙ ናቸው። የተለያዩት የቆጠሩት ነገር ስለተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር መነሻው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ክረምትና በጋ ሳይል ዙር በዙር ቀጠለ። ትምህርቱ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። በየቀበሌው ተማሪው ይመዘገባል፣ ይማራል፣ በዙሩ ማብቂያ ይፈተናል፣ ካለፈም የምስክር ወረቀት ይቀበላል። መንግሥት ወደ 17 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዝግቦ 12 ሚሊዮን ያህሉ ፈተናውን እንዳለፈ አስታውቆ ነበር። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በዚያ ዘመቻ የሆነ እናቶችና አባቶች በየመንደሩ አሉ።

ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የሚይዘው ፈተና ያለፈን ሰው ነው። አንድ ገበሬ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ጋዜጣ በማይደርስበት፣ ደብዳቤ በማይጻጻፉበት ቀበሌ አምስት ዓመት ቢቀመጥና ፊደሉ ቢጠፋበት መዝገቡ ያንን አያውቅም። ዘመቻውን የመሩት ሰዎች ራሳቸው ችግሩን ስለተረዱት የድኅረ መሠረተ ትምህርት ዙሮችና የንባብ ማእከላት እንዲኖሩ አድርገው ነበር። መዝገቡ ግን የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አልነበረም። የመንግሥቱ አኃዝ 63 ባለበት በዚያው ጊዜ ሌሎች ታዛቢዎች ግምታቸውን ወደ 37 ከመቶ ዝቅ አድርገውት ነበር። የ1987ቱ ቆጠራ ደግሞ ኤርትራን አልጨመረም፤ ስለዚህ የሁለቱ ቁጥሮች አገር ራሱ አንድ አልነበረም።

ሁለተኛው ቁጥር ያለፈበትን መንገድ ደግሞ እንመልከት። የቆጠራ ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ ወይም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠይቁን ይሞላል። የሚያነጋግረው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱን አባወራ ወይም እማወራ ነው። የቤተሰቡን አባላት ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ በየተራ ከጠየቀ በኋላ «ማንበብና መጻፍ ይችላል?» ወደሚለው ጥያቄ ይመጣል። አባወራው ስለ ራሱ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ እናቱ፣ ከተማ ሄዳ ስለተመለሰች የእህቱ ልጅ ይመልሳል። ለእያንዳንዱ ሰው መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው። መጽሐፍ አይከፈትም፣ እስክሪብቶ የሚይዘው ሠራተኛው ብቻ ነው። ለአንድ ሰው የሚጠፋው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት ለሚያንኳኳ ቆጠራ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ማግኘት ከባድ ነው። የአብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች የማንበብና መጻፍ ምጣኔ ለረጅም ዘመን የተሰበሰበው በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ስሕተት የሚገባው በሁለት በር ነው። ባል «ሚስቴ ትምህርት ቤት ሄዳለች» ብሎ «አዎ» ይላል፤ የሄደችው ለአንድ ዓመት ብቻ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ልጅ አሮጊት እናቱ ዳዊቷን ገልጣ ስትደግም እያየ፣ «ዘመናዊ ትምህርት አልተማረችም» ብሎ «አይ» ሊል ይችላል። የትኛው ስሕተት እንደሚበዛ ማወቅ የሚቻለው መልሱን ከፈተና ጋር በማስተያየት ነው።

ይህን ማስተያየት ቀላል ያደረገው አንድ ካርድ ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በብዙ ታዳጊ አገሮች የሚካሄድ የቤት ለቤት ናሙና ጥናት ነው፤ በእኛም አገር ተደጋግሞ ተካሂዷል። ጥናቱ ሴቶችንና ወንዶችን ለየብቻ ያነጋግራል። ጠያቂዋ በመካከሉ አጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ታወጣና «እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» ትላለች። ዓረፍተ ነገሮቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ይወዳሉ፣ እርሻ ከባድ ሥራ ነው፣ ልጁ መጽሐፍ እያነበበ ነው እንደሚሉት ያሉ ቀላል ናቸው። መልስ ሰጪዋ ዝም ካለች «ጨርሶ ማንበብ አትችልም»፣ አንድ ሁለት ቃል ከለየች «በከፊል ታነባለች»፣ ከጨረሰች «ሙሉውን ታነባለች» ተብሎ ይመዘገባል። ዓይነ ስውር ለሆነችና በቋንቋዋ ካርድ ላልተገኘላት ሴት የተለየ ሳጥን አለ። ሪፖርቱ ሲወጣ በከፊል ያነበበችው ሙሉውን ካነበበችው ጋር ተደምራ ማንበብ እንደምትችል ትቆጠራለች። ስለዚህ ይህ ፈተና ጥብቅ አይደለም፤ እንዲያውም ለጋስ ነው።

እንዲያም ሆኖ ልዩነቱ ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የትምህርት ሪፖርት በኢትዮጵያ የተደረገ ንጽጽር አቅርቦ ነበር። አንድ ዓመት ብቻ ከተማሩት ሴቶች መካከል በቤተሰብ መልስ 59 ከመቶው ማንበብና መጻፍ እንደሚችሉ ተመዝግበዋል። በቀላል የንባብ ፈተና ያለፉት ግን 27 ከመቶ ናቸው። የአንድ ዓመት ተማሪዋ በቤተሰቧ ዓይን «የተማረች» ናት፤ ቤተሰቧ አልዋሸም። የመለሰው ትምህርት ቤት ገብታ እንደሆነ ነው፤ የተጠየቀው ግን ማንበብ ትችል እንደሆነ ነበር።

ትምህርት ቤት መግባትን ከማንበብ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር የቤተሰብ ብቻ ልማድ አይደለም። ብዙ አገሮች አንድን የክፍል ደረጃ የጨረሰን ሰው ሳይፈትኑት ማንበብ እንደሚችል ይቆጥሩታል። የእኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም በቀደሙት ዙሮች ሁለተኛ ደረጃ የደረሱትን ሁሉ ካርዱን ሳያሳይ ያሳልፋቸው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ዙር ግን ካርዱ ሳይታይለት የሚያልፈው ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረው ብቻ ሆነ። እንግዲህ በሴቶች በኩል እ.ኤ.አ. በ2011 38 ከመቶ የነበረው በ2016 42 ከመቶ ሆኗል ስንል፣ አዲሱ ቁጥር ይበልጥ በጠበቀ ወንፊት የተነፋ ነው። የወንዶቹ ከ65 ወደ 69 ያለውም እንዲሁ ነው። ሠንጠረዡ ያንኑ ስም ይዟል፤ ደንቡ ግን በግርጌ ማስታወሻው ውስጥ ተቀይሯል። ግርጌውን ያላነበበ ሰው እውነተኛውን ለውጥ አሳንሶ ሊያይ ይችላል።

ሁለተኛ ደረጃን ያለ ፈተና ማሳለፍ እንደማያዋጣ የሚያሳይ ምልክት ከታችኛው ክፍልም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የንባብ ምዘና ከተደረገላቸው የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የተመዘኑት ደግሞ ከክፍል የተገኙት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ያቋረጡትና ጨርሶ ያልገቡት በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የቋንቋና የጽሕፈት ጉዳይ ነው፤ ክልሎችን ስናወዳድር ከሁሉ በላይ ቸል የምንለው ይህን ይመስለኛል። የ2008ቱ ጥናት መጠይቅ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ተተርጉሞ ነበር። ከሰማንያ በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ከእነዚህ ውጭ በሆነ ቋንቋ ማንበብ የተማረ ሰው ምን ዓይነት ካርድ እንደሚቀርብለት አስቡት። «በቋንቋዋ ካርድ አልተገኘም» የሚለው ሳጥን በሠንጠረዡ ራሱን የቻለ ዓምድ አለው፤ ከማንበብ ከሚችሉት ጋር ግን አይደመርም። ቁርኣን ቤት ገብቶ የዓረብኛ ፊደል የቆጠረ የምሥራቅ ወይም የሰሜን ምሥራቅ ነዋሪ እንዲሁ ያነባል፤ ግን በሌላ ፊደል ነው።

አፋን ኦሮሞ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይረቅቃል። በዘመቻው ጊዜ አፋን ኦሮሞ የተማረው ሰው የተማረበት ፊደል የግእዙ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቋንቋው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ይጻፍ ጀመር። በ1972 ዓ.ም. በአርባ ዓመቷ አፋን ኦሮሞ ማንበብ የተማረች ሴት፣ ፊደሉን ጠብቃ ብትቆይ እንኳ፣ በኋላ የቁቤ ጽሑፍ ቢቀርብላት ታፍራለች እንጂ አታነበውም። ይህች ሴት ታነባለች? ከ1970ዎቹ መዝገብ አንጻር አዎ፣ ከቁቤው ጽሑፍ አንጻር አይ። ዛሬ ባንክ፣ ፍርድ ቤትና ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሚያጋጥማት ጽሑፍ ቁቤው ስለሆነ ለኑሮዋ ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ይመዝናል። ለስድስት ወር ያስተማራትን ሰው ድካም ግን የመጀመሪያው መልስ ነው የሚያሳየው።

ማንበብና መጻፍን አጣምሮ መጥራቱም የራሱ ታሪክ አለው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ትርጉም ስለ ዕለት ኑሮው አጭርና ቀላል ዓረፍተ ነገር ተረድቶ ማንበብም መጻፍም የሚችል ሰው ይላል። ሦስት ነገር ይጠይቃል፣ ንባብ፣ ጽሕፈትና መረዳት። በእኛ የቄስ ትምህርት ቤት ግን ሦስቱ የግድ አብረው አይሄዱም። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ወንጌል አንብቦ፣ ዳዊት ይደግማል፤ ግእዙን ላይረዳው ይችላል። ጽሕፈት ደግሞ ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ ሰው የሚማረው የተለየ ሙያ ነበር። እንዲህ የተማረ ሰው በካርዱ ፈተና የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ያነባል፤ ፊደሉ አንድ ነውና። እርሳስ ብትሰጡት ግን ሊቸገር ይችላል። በካርዱ ማንበብ የሚችል፣ በ1958ቱ ትርጉም ግን የማይችል ይሆናል።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1686 ባወጣችው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ምእመናን ሁሉ ማንበብ እንዲማሩ አዘዘች። ቄሱ በየዓመቱ በየቤቱ እየዞረ ማን እንደሚያነብ፣ ማን ትምህርተ ሃይማኖቱን እንደሚረዳ በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ከዚህ የተነሳ ሕዝቡ በአብዛኛው አንባቢ ሆነ። ጽሕፈት ግን የሕጉ ጉዳይ ስላልነበረ በስፋት የተዳረሰው በ1842 የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። የጋብቻ መዝገብ ላይ የተፈረመን ስም በመቁጠር የድሮ አውሮፓን ምጣኔ የሚያሰላ ተመራማሪ ስዊድንን ባንዱ መለኪያ ከፊት፣ በሌላው ከኋላ ያገኛታል።

ቻይና ደግሞ ፊደል ሳይሆን የቃል ምልክት የምትጽፍ አገር ስለሆነች መስመሩን በምልክት ብዛት አሰመረች። በ1988ቱ ደንቧ ገበሬ 1,500፣ የከተማ ሠራተኛ 2,000 ምልክት ካወቀ ከመሃይምነት ወጥቷል ይባላል። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ መስመሩ ሁለት ነው፤ ለመንደር ዝቅ፣ ለከተማ ከፍ ያለ። የገጠሩንና የከተማውን ምጣኔ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሁለት የተለያዩ ፈተናዎችን እያወዳደረ ነው። ሕንድ እስከ 1981ዱ ቆጠራ ድረስ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ብቻ ከስሌት ታወጣ ነበር፤ ከ1991 ጀምሮ ግን የምትቆጥረው ሰባት ዓመት የሞላቸውን ነው። ገና ትምህርት ቤት ያልደረሱ ልጆች ከአካፋዩ ስለወጡ ምጣኔው ማንም አዲስ ነገር ሳይማር ከፍ ይላል። ሀብታሞቹ አገሮች ደግሞ ጥያቄውን ጨርሰው ትተውታል። አሜሪካ በ1930 የመጨረሻውን የማንበብና መጻፍ ጥያቄ በቆጠራዋ ጠይቃ በ1940 በተማሩት የክፍል ደረጃ ተካችው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ልማት ሪፖርት ለእንደዚህ ዓይነት አገሮች ለስሌት ሲል 99 ከመቶ ብሎ ሲሞላ ኖሮ ከ2010 ጀምሮ የማንበብና መጻፍ ምጣኔን ከመለኪያው አወጣው። ያ 99 ማንም ያልቆጠረው ቁጥር ነው። አዋቂዎችን ጽሑፍ ሰጥቶ የሚፈትነው ዓለም አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ሲደረግ ግን በአሜሪካ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጉ አዋቂዎች በታችኛው ደረጃ ወይም ከዚያ በታች ተገኝተዋል። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ የእኛን ካርድ ያለ ችግር ያነባሉ፤ የሚያስቸግራቸው ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቦ የተበታተነ መረጃ ማያያዝ ነው። ሁለቱን ፈተናዎች በአንድ ስም መጥራት ብዙ ሰው ያሳስታል።

ወደ ክልል ንጽጽር ስንመለስ፣ ትርጉሙ፣ ጥያቄውና ቋንቋው አንድ ቢሆን እንኳ የሚያሳስት ነገር አለ፤ እሱም የዕድሜ ስብጥር ነው። ሁለት ወረዳዎች እናስብ፣ ለስሌት ያህል። በሁለቱም ወረዳዎች ከወጣቶቹ 80 ከመቶ፣ ከአዛውንቶቹ 20 ከመቶ ያነባሉ። በየዕድሜው ምንም ልዩነት የላቸውም። በመጀመሪያው ወረዳ ካሉት 1,000 አዋቂዎች 600ው ወጣቶች፣ 400ው አዛውንቶች ናቸው። የሚያነቡት 480 ወጣቶችና 80 አዛውንቶች፣ በድምሩ 560 ይሆናሉ፤ 56 ከመቶ። ሁለተኛው ወረዳ ወጣቱ ወደ ከተማና ወደ ዓረብ አገር የተሰደደበት ስለሆነ ወጣቶቹ 400፣ አዛውንቶቹ 600 ናቸው። 320 እና 120 ሲደመር 440፤ 44 ከመቶ። የ12 ነጥብ ልዩነት መጣ፤ የሁለቱ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ግን እኩል ሠርተዋል። ወረዳው ያስተማረውን ወጣት ሌላ ቦታ ሰጥቶ ራሱ ወደ ኋላ የቀረ መስሎ ይታያል።

ስለዚህ ነው ጉዳዩን የሚያጠኑ ሰዎች ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉትን ለብቻ አውጥተው የሚያዩት። የወጣቶቹ ምጣኔ ስለ ቅርብ ዓመታት ትምህርት ቤት ይናገራል፤ የሁሉም አዋቂዎች ምጣኔ ግን ከዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት በፊት የነበረውንም ይጨምራል። የአንድ ክልል ትምህርት ቢሮ በዚህ ዓመት በሠራው ሥራ ሊመሰገን ወይም ሊወቀስ ከሆነ የአያቶቹን ፊደል አለማወቅ በእሱ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

አሁን ዓለም አቀፉ የዘላቂ ልማት ግብ «ይችላል ወይስ አይችልም» ከሚለው ወጥቶ በተግባር የሚያገለግል የንባብና የስሌት ደረጃ ላይ የደረሱትን ድርሻ እንዲለካ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ፈተና ግን ከቤት ለቤት ጥያቄ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። የሠለጠነ ፈታኝ፣ በየቋንቋው እኩል ክብደት ያለው ጽሑፍ፣ ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ድሆች አገሮች ይህን ቁጥር እምብዛም የማያቀርቡት ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ የመጨረሻ የሕዝብ ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ነው፤ ቀጣዩ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ሲመጣ አንድ ነገር ቢጨመር እመኛለሁ። ሠራተኛው በሁሉም ቤት ያንኑ የድሮ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ከቤቶቹ በናሙና በተመረጡት ውስጥ ግን አባወራው ከመለሰ በኋላ የቤቱ ሰዎች አንድ በአንድ ካርድ ይቅረብላቸው። ካርዱ ሰዎቹ በሚያነቡት ቋንቋና ፊደል ይሁን፤ አፋን ኦሮሞው በቁቤም በግእዝ ፊደልም ይዘጋጅ። ከካርዱ ሥር ባዶ መስመር ይኑርና «እስቲ ስምዎንና የመንደርዎን ስም ይጻፉልኝ» ይባል። ያን ጊዜ በየክልሉ የአባወራው «አዎ» ከካርዱ ንባብ በስንት እንደሚበልጥ ይታወቃል፤ በዚያም ልዩነት ካርድ ያልቀረበላቸውን ቤቶች መልስ ማረም ይቻላል።